ቡሎኑን በእጅ አትሳሉት፣ ከላይብረሪው አውጡት

ይህን የምጽፈው ለአነስተኛ ወርክሾፖች የማሽን ድሮዊንግ ለምትሠሩ ነው። በተለይ ቡሎንና ዳዶን አንድ በአንድ በእጃችሁ እየሳላችሁ ለምታመሹ። እኔ የምሠራው ጅማ ውስጥ፣ አንድ ብረታ ብረት ቤት ነው። ዓመቱን ሙሉ በርና መስኮት፣ የታንከር መቀመጫ፣ የጋሪ ሥራ አይጠፋም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ግን ፊታችንን ወደ ቡና እናዞራለን። የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽን እንሠራለን፤ ያረጀውንም እንጠግናለን።

የቡና ሥራ ቀጠሮ አያስተላልፍም። ቀይ እሸት ከተለቀመ በኋላ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ሳይፈለፈል ከቆየ መቡካት ይጀምራል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ስለዚህ ማሽኑ ለቀማው ሳይደርስ ቦታው ላይ ተተክሎ መገኘት አለበት። አንድ ክረምት ግን በአንዲት የቀዳዳ ቁጥር ምክንያት ሥራው ሊቀርብን ምንም አልቀረውም ነበር።

ባለቡናው ሐጂ ድሮዊንጉን ይዘውልን የመጡት ሌላ ቦታ አሠርተው ነው። ፋይሉ በፍላሽ ነበር። እኛም የምንጠቀመው በነፃ የሚገኘውን FreeCAD ስለሆነ ያለችግር ተከፈተ። ያለችግር ስል ከብዙ ጥበቃ በኋላ ማለቴ ነው። ምስሉን ዞር ለማድረግ በሞከርኩ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀጥ ይል ነበር። ቀረብ ብዬ ሳየው ምክንያቱ ታየኝ። እያንዳንዱ ቡሎን በእጅ ተስሏል። ራሱ ስድስት ጎን ተደርጎ ወጥቷል፣ አንገቱ ላይ ጥርሱ እንደ ስፕሪንግ እየተጠመዘዘ አንድ በአንድ ተቆርጧል። ዳዶው ውስጥም እንደዚያው። ሲያዩት ያምራል። የፋይሉ ክብደት ሁሉ ግን እዚያ ጥርስ ላይ ነበር።

ጊዜ ስለሌለ የታተመው ወረቀት በቀጥታ ወደ ሠራተኞቹ ሄደ። ላሜራው ተቆረጠ፣ ፍሬሙ ተበየደ፣ ትራፓኖ ላይ ያለው ልጅ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር እያየ በሳ። ወረቀቱ በሁሉም ቀዳዳ ላይ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ⌀10።

በማግስቱ ቶርኖውንም ገጠማውንም የሚመሩት አዛውንት ጠሩኝ። እጃቸው ላይ M10 ጥርስ ማውጫ ታፕ ይዘዋል። ከፊታቸው በሞተሩ በኩል ያለው ባለ 20 ሚሊ ብሎክ ተቀምጧል።

«እስኪ ይህን እየው» አሉኝ። ታፑን ቀዳዳው ላይ አደረጉት። ሳያዞሩት ወደ ውስጥ ገባ ማለት ይቻላል። ምንም የሚይዘው ብረት የለም።

«ጋሼ፣ እዚህ ዳዶ ነበር እንዴ የታሰበው?» አልኳቸው።

«ዳዶ በየት በኩል ይገባል? ሥሩ የሞተር መቀመጫ ተበይዶበታል። እጅ አይገባም፣ ቁልፍ አይገባም። እዚህ ጥርስ ነበር መውጣት ያለበት። ለጥርስ ደግሞ ማን ነው 10 የሚበሳው?»

እውነታቸውን ነው። M10 ቡሎን መደበኛው ጥርስ 1.5 ሚሊ ርቀት አለው። ለእሱ የሚበሳው ቀዳዳ 8.5 ነው፤ ታፑ ቀሪውን ብረት እየቆረጠ ጥርስ ያደርገዋል። 10 ከተበሳ የሚቆረጥ ነገር አይተርፍም። በሌላው ጫፍ ያለው ላሜራ ላይ ደግሞ ችግሩ በተቃራኒው ነበር። እዚያ ቡሎኑ ዝም ብሎ አልፎ ከሥር በዳዶ ነው የሚታሰረው። ለማለፊያ 10 ጠባብ ነው። ቀለም ከተቀባ በኋላ ቡሎኑ አልገባም አለ። ለM10 ማለፊያ በስታንዳርዱ፣ ማለትም በISO 273፣ ጠበብ ያለው 10.5፣ መካከለኛው 11፣ ሰፊው 12 ነው። ስለዚህ ያ አንድ ⌀10 የሚል ቁጥር ለአንዱ ቀዳዳ ሰፊ፣ ለሌላው ጠባብ ሆነ። ለየትኛውም ልክ አልነበረም።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ ከፋይሉ ላይ በግልጽ ይነበባል። ሠሪው ቡሎኑን 10 ሚሊ አድርጎ ሳለ፣ ከዚያ ቡሎኑ እንዲገባ 10 ሚሊ ክብ ሳለና ቆረጠ። ምስሉ ላይ ፍጹም ይገጥማል። ፕሮግራሙ ግን የሚያውቀው ክብ ብቻ ነው። ይህ ቀዳዳ ማለፊያ ይሁን፣ ጥርስ ይውጣበት፣ ለየትኛው ቡሎን ይሁን ምንም የሚያውቀው ነገር የለም። ወረቀቱ ላይ ልኬት ሲደረግም የሚወጣው ያው የክቡ ስፋት ነው።

ብሎኩን ያዳነው የሚቀጥለው የቡሎን ቁጥር ነው። ለM12 ጥርስ የሚበሳው 10.2 ነው። 10 የተበሳው ቀዳዳ ጥቂት ከፈት ተደርጎ M12 ጥርስ ወጣበት። በላዩ የሚቀመጠው ቤሪንግ UCP205 ነው፤ ለM10 የተሰናዳ ቢሆንም የእግሩ ቀዳዳ 13 ሚሊ ስፋት ስላለው M12 ለጥቂት ያልፋል። ይህ እድል ነው። ቤሪንጉ ሌላ ዓይነት ቢሆን ብሎኩ ተጥሎ አዲስ ይቆረጥ ነበር። እናንተም እንዲህ ዓይነት ነገር ከገጠማችሁ፣ ብረቱን ከመጣላችሁ በፊት ከፍ ያለውን ቁጥር የጥርስ ቀዳዳ እዩ። ከዚያ በላዩ የሚቀመጠው ዕቃ ያንን ቡሎን ማሳለፉን ለኩ።

ማሽኑ እየተገጠመ እያለ እኔ ድሮዊንጉን ከቡሎኑ ጀምሬ እንደገና ለመሥራት ተቀመጥኩ። ሐጂ ሁለተኛ ማሽን አዝዘው ስለነበር ያንኑ ወረቀት ደግሞ ወደ ትራፓኖው መላክ አይሆንም።

መጀመሪያ ያደረግኩት በእጅ የተሳሉትን ቡሎኖች በሙሉ ማጥፋት ነው። ፋይሉ ወዲያው ቀለለ። ከዚያ `Tools` ውስጥ ካለው `Addon manager` ላይ `Fasteners` የሚባለውን የቡሎን ላይብረሪ አወረድኩ። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለዚህ ብቻ ነው። አንዴ ከገባ በኋላ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል። ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ስትከፍቱ ከሥራ ዝርዝሮቹ መሐል `Fasteners` ብሎ ይመጣል።

ግን እዚያ ከመግባታችሁ በፊት ከቀዳዳው ጀምሩ። ብዙ ሰው ላይብረሪ ሲባል ቡሎኑ ላይ ይሮጣል። ብረት የሚያበላሸው ግን ቀዳዳው ነው። ቡሎን ቢሳሳት ሱቅ ሄደን እንቀይረዋለን፤ የተበሳ ግን ተበሳ።

በFreeCAD ቀዳዳ የሚሠራው `PartDesign` ውስጥ ባለው `Hole` ነው። ላሜራው ፊት ላይ ስኬች እከፍታለሁ። ቀዳዳ በሚያርፍበት ቦታ ክብ አደርጋለሁ። የክቡ ስፋት ምንም ለውጥ አያመጣም፤ `Hole` የሚያየው መሐሉን ብቻ ነው። ለUCP205 የሁለቱ ቀዳዳዎች ርቀት ከመሐል እስከ መሐል 105 ሚሊ ነው። እሱን ብቻ በልክ አስቀምጣለሁ። ከዚያ `Hole` ስጫን መጠይቅ ይመጣል። የጥርሱ ዓይነት ላይ የሜትሪክ መደበኛውን እመርጣለሁ። አንዳንዱ እትም `coarse` ይለዋል፣ አንዳንዱ `regular`። መጠኑ ላይ M10 እላለሁ።

ቁም ነገሩ ያለው ቀጥሎ ባለችው ምርጫ ላይ ነው። ቀዳዳው ጥርስ ይውጣበት ወይስ አይውጣበት? ለዳዶው በኩል ጥርስ የለውም እላለሁ፣ ክሊራንሱን መካከለኛው ላይ አደርጋለሁ፤ ቀዳዳው 11 ሆኖ ይቆረጣል። ለብሎኩ በኩል ጥርስ አለው እላለሁ፤ ቀዳዳው 8.5 ሆኖ ይቆረጣል። ሁለቱንም ጊዜ የጻፍኩት M10 ነው። ቁጥሩን ያወጣው ሠንጠረዡ ነው። 8.5ን በቃሌ ባውቀውም ከእኔ ይልቅ ሠንጠረዡ ይያዘው። እኔ ደክሞኝ ማምሸት እችላለሁ፣ እሱ አይደክመውም።

እዚያው መጠይቅ ላይ ጥርሱን በእውነተኛ ቅርጽ አውጣው የሚል ምርጫ አለ። አትንኩት። የመጀመሪያውን ፋይል ያንቀራፈፈው እሱን የመሰለ ነገር ነበር። ጥርሱን የሚያወጣው ታፑ ነው፤ ታፑ የሚፈልገው ደግሞ ትክክለኛ ቀዳዳና ወረቀቱ ላይ M10 የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው። ጥርሱን በቅርጹ ማውጣት የሚያስፈልገው በ3ዲ ፕሪንተር ለምታትሙት ዕቃ ነው። ለብረት ሥራ ኮምፒውተሩን ማሰቃየት ነው።

አሁን ወደ ቡሎኑ። `Fasteners` ውስጥ የቀዳዳውን ክብ ጠርዝ መርጬ `ISO4017` የሚለውን ስጫን ቡሎኑ ራሱ ቀዳዳው ላይ ይቀመጣል። ይህ እስከ ራሱ ድረስ ጥርስ ያለው ባለ ስድስት ጎን ቡሎን ነው። `ISO4014` ደግሞ አንገቱ ከፊሉ ለስላሳ የሆነው ነው። ለዳዶ `ISO4032`፣ ለሮንዴላ `ISO7089`። ለመፈልፈያ ማሽን አብዛኛው ሥራ በእነዚህ አራቱ ያልቃል። ቡሎኑ ተገልብጦ ከመጣ ከባሕርይ ዝርዝሩ `Invert` የሚለውን መቀየር ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ቡሎኑ መጀመሪያ ሲመጣ ውፍረቱ `Auto` ላይ ሊሆን ይችላል፤ ማለት ከቀዳዳው ስፋት ራሱ ይገምታል። ግምቱ ደግሞ ሁለት መንገድ አለው። ቀዳዳውን የጥርስ ነው ብሎ ሊያየው ይችላል፣ ወይም የማለፊያ ነው ብሎ። ከላይ ባለው መሣሪያ ረድፍ ላይ ይህን የምትመርጡበት አለ። የእኛን ብሎክ ውሰዱ። 8.5 ቀዳዳ አለው። የጥርስ ነው ካላችሁት M10 ያመጣል። የማለፊያ ነው ካላችሁት ግን M8 ያመጣል፣ ምክንያቱም 8.5 ለM8 ማለፊያ ይበቃል። ሁለቱም ምስሉ ላይ ደህና ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ ቡሎኑ እንደተቀመጠ `Diameter` የሚለውን ከ`Auto` አውጥቼ M10 ላይ እቆልፈዋለሁ።

ርዝመቱን ደግሞ በዓይን ግምት አትምረጡ፤ ደምሩት። የላሜራው በኩል እንዲህ ነው። የቤሪንጉ እግር ውፍረት 15 ገደማ። ከላይ ሮንዴላ 2። ላሜራው 12። ከሥር ሮንዴላ 2። ዳዶው 8.4። ድምሩ 39.4 ይመጣል። ከዳዶው አልፎ ቢያንስ ሁለት ጥርስ መውጣት አለበት፤ 3 ሚሊ ጨምሩ። 42.4 ሆነ። ላይብረሪው 42.4 የሚባል ርዝመት አያሳያችሁም፤ ለM10 ከ40 ቀጥሎ 45 ነው። በእጅ ብትስሉት ግን 42.4 አድርጋችሁ ትስላላችሁ፣ ምስሉም አሜን ይላል። ሱቅ ስትሄዱ እንዲህ ያለ ቡሎን የለም። የመጀመሪያው ፋይል ላይ 43 እና 37 ሚሊ ቡሎኖች ነበሩ፤ ሱቅ ሄዶ የሚገዛቸው የለም።

የብሎኩ በኩል ስሌቱ ይለያል። እዚያ ዋናው ጥያቄ ቡሎኑ ብረቱ ውስጥ ስንት ይገባል ነው። ለብረት ከብረት ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት ያህል እንዲገባ እፈልጋለሁ። ለM10 እንግዲህ 10 ሚሊ። እግሩ 15፣ ሮንዴላው 2፣ ጥርሱ 10፤ ድምሩ 27። 30 ይወሰዳል፣ 13 ይገባል፤ ብሎኩ 20 ስለሆነ ከሥሩ አይወጣም።

ከሁሉም የገረመኝ የዳነውን የመጀመሪያ ማሽን ለመመዝገብ M10ን ወደ M12 ስቀይር ነው። `Hole` ላይ መጠኑን M12 አልኩ፤ ቀዳዳው 10.2 አካባቢ ሆነ። ቡሎኑን M12 አልኩ፤ ራሱም ጥርሱም ተለወጠ። ሮንዴላውን ቀየርኩ፤ ውፍረቱ 2.5 ሆነ። ርዝመቱን ደግሜ ደመርኩ፤ 15፣ 2.5 እና 12 ሲደመሩ 29.5። 30 ቢወሰድ 12.5 ይገባል፤ ለክፉው አይሰጥም ግን ጥቂት ተረፍ ያለው ይሻላል ብዬ 35 አደረግኩት፤ 17.5 ይገባል፣ ከብሎኩም አያልፍም። በእጅ ለተሳለው ፋይል ይህ ሥራ አንድ ሙሉ ቀን ያስመሽ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ችግር ከኮምፒውተሩ ሳይሆን ከገበያው ነው። እኛ ቤት ብዙ ሰው ቡሎን የሚጠራው በሚፈታው ቁልፍ ቁጥር ነው። «17 ቡሎን አምጣ» ሲባል M10 ማለት ነው። ላይብረሪው ያመጣውን M10 ራስ ስለካው ግን 16 ሆነ። ግራ ገባኝ። መርካቶ ወርጄ ከሱቅ ያወጣሁትን ለካሁ፤ 17። ነገሩ እንዲህ ነው። በቀድሞው የጀርመን ስታንዳርድ፣ DIN 933 በሚባለው፣ የM10 ራስ 17 ነው። በISO 4017 ደግሞ 16። M12 በDIN 19፣ በISO 18 ነው። M8 በሁለቱም 13 ነው። ጥርሱ አንድ ነው፤ የሚለየው ራሱ ነው። እዚህ ሱቅ ላይ አሁንም ባለ 17ቱን አገኛለሁ።

አንድ ሚሊ ምን ያደርጋል እንዳትሉ። የማሽኑ ቀበቶ መከለያ ላይ ቡሎኑ ከግድግዳው ተጠግቶ ነው ያለው። ባለ 16 ራስ ምስሉ ላይ ይዞራል፣ ባለ 17ቱ ግን ማዕዘኑ ግድግዳውን ይነካል። ስለዚህ ቦታው ጠባብ በሆነበት ሁሉ ቡሎኑን ከግድግዳው ትንሽ አርቄዋለሁ፤ ለቁልፉም ቦታ ያስፈልገዋል። ለገዢው በምሰጠው ዝርዝር ላይም የቁልፍ ቁጥር አልጽፍም። M10 ነው የምጽፈው፣ ርዝመቱንና መደበኛ ጥርስ መሆኑን። ጥርስን መጥቀስ ያስፈልጋል። ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ የሚመጣ M10 ብዙ ጊዜ 1.25 ጥርስ ያለው ነው፤ 1.5 ዳዶ ላይ ሁለት ዙር ዞሮ ይነክሳል። ሲነክስ ደግሞ ጉልበት ጨምሮ ማዞር ዳዶውንም ቡሎኑንም ማጥፋት ነው። በጣት ሲዞር ቆይቶ ድንገት ከጠነከረ ፍቱትና ጥርሱን ከሌላ ቡሎን ጎን አድርጋችሁ ተያዩት፤ ጥርስ ለጥርስ ካልገባ የተለያዩ ናቸው።

አሁን ወደ ወረቀቱ፣ ማለትም ትራፓኖ ላይ ያለው ልጅ ወደሚያየው ነገር። ቀዳዳው በሚገባ ተሠርቶ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ካልተናገረ ጉዳቱ ያው ነው። እንደ SolidWorks ያሉት ፕሮግራሞች የቀዳዳውን ጽሑፍ ከራሱ ከቀዳዳው አንብበው ያወጣሉ፤ ጥርስ ካለው ጥርሱን፣ ጥልቀቱን ይጽፋሉ። FreeCAD ላይ፣ እኔ በምሠራበት `TechDraw`፣ ልኬት ስታደርጉ የሚያነበው የክቡን ስፋት ነው። የብሎካችን ቀዳዳ እንዲሁ ከተተወ ወረቀቱ ላይ ⌀8.5 ብሎ ይወጣል። ትራፓኖው ትክክል ይበሳል፤ ጥርስ መውጣት እንዳለበት ግን ማንም አያውቅም።

ጽሑፉን ከልኬቱ ባሕርይ ዝርዝር `FormatSpec` በሚለው ላይ እቀይረዋለሁ። ለማለፊያው ቀዳዳ እንዲህ፦

```
2x ⌀%.1w
```

ለጥርሱ ቀዳዳ ደግሞ እንዲህ፦

```
2x M10, ⌀%.1w
```

ያቺ `%.1w` የምትለው ከሞዴሉ የሚነበበው ቁጥር የሚገባባት ቦታ ናት። አንዳንዶች ሙሉውን ጽሑፍ በእጅ ጽፈው ቁጥሩን ያስወጡታል። እኔ አላስወጣውም፣ ምክንያቱም M10 የሚለው ፊደል በእጅ የተጻፈ ስለሆነ ቀዳዳው ቢለወጥ አብሮ አይለወጥም። ቁጥሩ ግን ይለወጣል። ቀዳዳውን ወደ M12 ስቀይር ወረቀቱ ላይ «2x M10, ⌀10.2» ብሎ ወጣ። ይህ እርስ በርሱ የሚጣላ ጽሑፍ ነው፤ ዓይን ውስጥ ይገባል። ወዲያው M12 ብዬ አረምኩት። ቁጥሩ ባይኖር ኖሮ M10 ብሎ ዝም ብሎ ይታተም ነበር።

ትራፓኖ ለሚሠራው ልጅም ይህ አጻጻፍ ተመችቶታል። M10 ሲያይ ጥርስ እንደሚወጣ ያውቃል፣ ከጎኑ ያለውን 8.5 ሲያይ የትኛውን ፑንታ እንደሚያነሳ ያውቃል። ጥርስ የሌለው ላይ ቁጥሩ ብቻ አለ። አንድ ቀን አንዱን ወረቀት ይዞ መጥቶ «ይሄኛው M የለውም፣ ልክ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ልክ ነበር፤ ማለፊያ ነው። መጠየቁ ራሱ ግን ወረቀቱ እየተነበበ እንደሆነ አሳየኝ።

ላይብረሪው የማይሸፍነውም ነገር አለ። ቤሪንግ የለውም፤ UCP205ን እኔው ከካታሎግ ልክ ወስጄ ሠርቼዋለሁ። ከላሜራ የሚቆረጡ ትላልቅ ሮንዴላዎችም በእጅ ነው። ፋይሉን ለሌላ ሰው ስትሰጡ ደግሞ እሱ ኮምፒውተር ላይ `Fasteners` ከሌለ ቡሎኖቹ ይታያሉ እንጂ መጠናቸውን መቀየር አይችልም። ፍላሽ ላይ ከምትሰጡት ጋር ስሙን ጻፉለት።

ሲያልቅ ደግሞ የግዢ ዝርዝሩ አለ። `Fasteners` ውስጥ በሞዴሉ ላይ ያሉትን ቡሎኖች ቆጥሮ በሠንጠረዥ የሚያወጣ ትእዛዝ አለ። በእጅ የተሳለ ቡሎን ለእሱ ቡሎን አይደለም፤ አይቆጥረውም። የሁለተኛውን ማሽን ዝርዝር ይዤ ወደ ሱቅ ስሄድ ሻጩ አየት አደረገና «M10 በ45 አልቋል፣ 50 አለ» አለኝ። ድሮ ቢሆን ወስጄ እሄድ ነበር፣ ወይም ሌላ ሱቅ ፍለጋ እዞር ነበር። ወርክሾፕ ደወልኩና ሞዴሉ ላይ ርዝመቱን 50 አድርገው እንዲያዩልኝ ጠየቅኩ። ከላሜራው ሥር ሮንዴላው፣ ዳዶውና የተረፈው ጥርስ ተደምረው 21 ሚሊ ይወርዳሉ። የገለፈቱ መውረጃ ያለው 25 ላይ ነው። አራት ሚሊ ይተርፋል። 50ውን ገዛሁ፣ ዝርዝሩም ላይ 45 የሚለውን አረምኩት።